የማጂ ማጂ ስድስት ነጥብ

አማከለች የፈተና ወረቀቷን ተቀብላ ወደ ወንበሯ አልተመለሰችም። እዚያው ጥቁር ሰሌዳው ሥር ቆማ የመጀመሪያውን ገጽ ራስጌ አየች። በቀይ አርባ ሰባት ይላል። ማለፊያው ሃምሳ ነው። ከኋላዋ ስማቸው የተጠራ ሰዎች «እትዬ፣ እለፉ እንጂ» እያሉ ገፋ ገፋ ሲያደርጓት ነው ሄዳ የተቀመጠችው።

ሌላውን ሁሉ አልፋለች። ሒሳቡን አልፋለች፣ አማርኛውን አልፋለች፣ እንግሊዝኛውንም እያማጠች አልፋለች። የኅብረተሰብ ትምህርት ይጥለኛል ብላ ግን በሕልሟም አላሰበችም፤ ከሁሉ የምትወደው እሱን ነዋ። መምህር ሮበሌ ስለ አፍሪካ ሲያስተምር ሌላው ተማሪ ከሥራ ደክሞ መጥቶ ሲያንቀላፋ እሷ አንገቷን አስግጋ ነበር የምትሰማው። አሁን እሱ ጣላት። በዚህ የማታ ትምህርት ቤት ደግሞ ደንቡ ደረቅ ነው፤ በአንዱም ትምህርት ቢሆን የወደቀ ስድስተኛን ይደግማል።

መድገሙ አይደለም ያስጨነቃት። ሰው በመሠረተ ትምህርት ፊደል ከቆጠረ በኋላ ስድስተኛ ድረስ ከመጣ አንድ ዓመት ቢጨምር ምን ይሆናል። ያስጨነቃት ደረቷ ነው። ንፋስ ስልክ ካለው የክር ፋብሪካ ከተቀጠረች ጀምሮ ጥጥ ማበጠሪያው ክፍል ናት። እዚያ ክፍል ጥጡ ከማሽኑ ሲወጣ ብናኙ እንደ ጉም ይቆማል፤ ፀጉር ላይ ይተኛል፣ ቅንድብ ላይ ይተኛል፣ የቀረውን ሰው ይተነፍሰዋል። ከሁለት ክረምት ወዲህ ሳል ይዟታል፤ ሰኞ ሰኞ ደግሞ ይብስባታል። የፋብሪካው ክሊኒክ ሐኪም ከዚያ ክፍል ውጪ ብሎ ጽፎላታል። አስተዳደሩም ክፉ አልነበረም፤ ግምጃ ቤት ረዳት የሚሆን ሰው ስለሚፈለግ እሷን እናዛውራለን፣ ግን እቃ መዝግቦ ስለሚያወጣ የስድስተኛ ክፍል ካርድ ይምጣ አሏት። ቦታው ደግሞ ለዘላለም አይጠብቃትም። ከሰኔ ወዲያ ካርድ ያለው ሌላ ሰው ይገባበታል።

እንግዲህ በሦስት ነጥብ ምክንያት ሌላ ዓመት ሙሉ ያንን ብናኝ ልትስብ ነው።

ወረቀቷን ገልብጣ ገልብጣ አየች። እዚህም እዚያም የጎደለ አለ፤ የጎደለውም ጎድሏል፣ አልተከራከረችም። አምስተኛው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ነው ዓይኗ የቀረው። ጥያቄው አጭር መልስ ስጡ ከሚለው ክፍል ነበር። «የማጂ ማጂ አመፅ የተነሣባቸውን ሦስት ምክንያቶችና የከሸፈባቸውን ሦስት ምክንያቶች ጻፉ፤ ስድስት ነጥብ» ይላል። እሷ አንድ ገጽ ተኩል ሙሉ ጽፋበታለች። ያገኘችው አንድ ነጥብ ነው። አንዲት ቀይ ራይት መሃል ላይ ተቀምጣለች፤ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ ከዳር እስከ ዳር ቀይ መስመር ተሰምሯል፤ ከመስመሩ በታች ያለው ገጽ ሙሉ ጽሑፍ ላይ ግን ራይትም የለ፣ ኤክስም የለ። ብዕር አልነካውም።

ሐሚዳ ከጎኗ ተቀምጣ ነበር። ሐሚዳ እዚያው ፋብሪካ ማጠንጠኛው ክፍል የምትሠራ የላፍቶ ጎረቤቷ ናት፤ ትምህርቱንም አብረው ነው የጀመሩት። እሷ ስድሳ ሁለት አምጥታለች። አምስተኛው ጥያቄ ላይ አንድ፣ ጥጥ። ሁለት፣ ግብር። ሦስት፣ ጭካኔ። ብላ ዘርዝራ፣ የከሸፈበትንም እንዲሁ ደርድራ ስድስቱንም ወስዳለች።

«ማጂ ማጂ የት አገር እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለቻት አማከለች።

«እሱን መች ጠየቁኝ» አለች ሐሚዳ።

ከክፍል ሲወጡ ሐሚዳ መከረቻት። መምህር ሮበሌ የዋህ ነው፣ ልጅ እግር ነው፣ ሄደሽ ስለ ደረትሽ ንገሪው፣ አልቅሺ፣ ሦስት ነጥብ ምን አላት፣ ይጨምርልሻል አለቻት። አማከለች ደሟ ፈላ። አልለምንም አለች። ደረቴ ሌላ፣ ማጂ ማጂ ሌላ። የጻፍኩትን ያንብብልኝ ነው የምለው፣ ለደረቴማ ሐኪም አለኝ አለች። ሐሚዳ የዚህችን ሴት ግግምና ስለምታውቀው ነጠላዋን አጣፍታ መንገዷን ቀጠለች።

በማግሥቱ አማከለች ከሥራ እንደወጣች በቀጥታ መምህሩ ዘንድ ሄደች። ክፍል ገና አልተጀመረም ነበር። ሮበሌ ቀጭን ልጅ ነው፤ ቀን ሌላ ትምህርት ቤት ያስተምራል፣ ማታ እዚህ ያስተምራል፣ እሑድ ደግሞ ቀበሌው ስብሰባ ይጠራዋል። ዓይኑ ሁልጊዜ የቀላ ነው። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጣቷን ቀይ መስመሩ ላይ አሳረፈች።

«ይሄ ምንድነው መምህር?»

እሱም አስረዳት። የእርማት መመሪያ የሚባል ነገር አለ፤ የክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ ሸዋረገድ ያዘጋጁት ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የትኛው ነገር ሲጻፍ ስንት ነጥብ እንደሚሰጥ ይናገራል። ተማሪው ሁሉንም ባያውቅም ያወቀውን ያህል ይታሰብለታል፤ አንድ ምክንያት የጻፈ አንድ፣ ሁለት የጻፈ ሁለት። ግን ደግሞ ሌላ ደንብ አለ። ሦስት ጥቀስ ተብሎ አሥር የሚጽፍ ተማሪ አለ፤ የመጣለትን ሁሉ አፍስሶ መምህሩ ትክክለኛውን ይልቀምልኝ የሚል። ለእሱ ሲባል ከተጠየቀው በላይ የጻፈ የመጀመሪያዎቹ ብቻ ይታረሙ ተብሏል። ሦስትና ሦስት ስድስት ነው። ስለዚህ እሱ ከእሷ መልስ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዐረፍተ ነገሮች ወሰደ፣ መስመር አሰመረ፣ አረመ። ከስድስቱ አንዱ ብቻ ምክንያት ሆኖ ተገኘ።

«ከመስመሩ በታች ያለውንስ አነበቡት?»

ሮበሌ ትንሽ አመነታ። «አላነበብኩትም» አለ።

አማከለች እስከዚያ ድረስ አንቱ ስትለው ነበር። አሁን ተናደደችና አንተነቱ አመለጣት። «እንግዲያው ምኑን አረምከው ልጄ? ነገር እኮ ከመግቢያው አይጀምርም። እኔ መጀመሪያ አገሩን ነገርኩህ፣ ከዚያ ሰዎቹን ነገርኩህ፣ ወደ ነገሩ ስገባ አቆምከኝ።»

ሮበሌ ፈገግ ሊል አለና ተወው። ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ ከመስመሩ በታች ያለውን ማንበብ ጀመረ። እያነበበ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሌላውን ገጽ ገለጠ፣ ሌላውን ገለጠ፣ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ፊቱ ተለወጠ። ወረቀቱን ቀስ አድርጎ አጠፈው።

«እትዬ አማከለች፣ ይሄን ነገር ይተዉት» አለ።

ለምን እንደምትተወው ጠየቀችው። እሱ ዞር ዞር አለ። እንደገና ይታረምልኝ ማለት መብት ነው አላት፤ ግን አቤቱታ ከቀረበ አንድ ጥያቄ ብቻ አይደለም የሚታየው፣ ወረቀቱ በሙሉ ከራስጌ እስከ ግርጌ በሌላ ሰው ይታረማል። የተጨመረው ይጨመራል፣ የሚቀነስም ካለ ይቀነሳል። ከዚያ በኋላ የወጣው ውጤት የመጨረሻ ነው። የሚቀነስ አለ ወይ አለችው። እሱ ዝም አለ። ዝምታው ለራሱ የፈራ ሰው ዝምታ መሰላት፤ ስህተቱ በኃላፊው ፊት እንዳይታይበት ነው የሚያስተወኝ ብላ ደመደመች።

«አልተውም» አለች። «ይታረምልኝ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ነበር። የላፍቶ መንገድ በዚያን ጊዜ አስፋልት አልነካውም፤ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። አማከለች ጫማዋን በላስቲክ ይዛ በቦቲ መጣች። ሐሚዳ እስከ መምህራን ክፍል በር ድረስ ሸኘቻትና ውጪ በረንዳው ላይ ቆመች፤ በመስኮቱ እያየሁሽ ነው ብላታለች።

ወይዘሮ ሸዋረገድ ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ ድምጿ የማይነሣ ሴት ናት። የማታውን ትምህርት የኅብረተሰብ ክፍል የምትመራው እሷ ናት። ጠረጴዛው ላይ አንድ በኩል የአማከለች ወረቀት፣ ሌላ በኩል የእርማት መመሪያው ተቀምጧል። በእጇ አረንጓዴ ብዕር ይዛለች፤ ሁለተኛው እርማት ከመጀመሪያው እንዲለይ ነው። ሮበሌ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

«አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ» አለቻት ሸዋረገድ። «እዚህ መገኘትሽ እንድታዪ ነው። እንድታስረጂኝ አይደለም። ፈተና ማለት የተጻፈው ነው። ወረቀቱ ላይ ካለ አያለሁ፣ ወረቀቱ ላይ ከሌለ ግን በቃልሽ ብትነግሪኝ አልሰማሽም።»

አማከለች እሺ አለች። በሕይወቷ ከባድ ነገር አይታለች፤ ዝም ማለትን ያህል ግን የከበዳት የለም።

ሸዋረገድ ወደ አምስተኛው ጥያቄ ከመሄዷ በፊት ቀይ መስመሩን ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ሮበሌን ጠየቀችው። የመጀመሪያዎቹ ብቻ ይታረሙ የሚለውን ደንብ ነው የተጠቀምኩት አለ። እሷም አልተቆጣችም። ያ ደንብ ለዝርዝር ነው አለችው። ተማሪ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብሎ ሲደረድር አራተኛውን አናይለትም፤ ስሕተቱን ከትክክሉ ጋር ቀላቅሎ ዕድሉን እንዳይሞክር። ይህች ግን አልደረደረችም፣ ተረከች። የትረካ ዐረፍተ ነገር ሁሉ መልስ አይደለም፤ መልስ ያልሆነ ዐረፍተ ነገር ደግሞ እንደ መልስ አይቆጠርባትም። መንደሩ ወንዝ ዳር ነበር ብላ ስትጽፍ ምክንያት ጠቀሰች አይባልም። ስለዚህ እስከ መጨረሻው አንብበህ በውስጡ ያለውን ነጥብ ማውጣት ነበረብህ አለችው። ሮበሌ አዎ አለ። ያን ሌሊት ስንት ወረቀት እንደነበረበት ሊናገር አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

ከዚያ ማንበብ ጀመረች። ድምፅ አውጥታ ነው ያነበበችው፤ አማከለች የገዛ ጽሑፏን ከሰው አፍ ስትሰማ ጆሮዋ ጋለ።

ጽሑፉ እንዲህ ይላል። «ታንጋኒካ የሚባለው አገር ከኬንያ በታች ነው። በደቡቡ ብዙ ዓይነት ሕዝብ ይኖራል። ማሽላም በቆሎም የሚያበቅል መሬት አላቸው። ጀርመኖች ገዟቸውና በግድ ጥጥ ዝሩ አሏቸው። ጥጥ አይበላም። ጥጥ የሚያውቀው ያውቀዋል፣ ለደረትም አይሆንም።»

ቀይ መስመሩ እዚህ ላይ ነበር። ሸዋረገድ በመነጽሯ ላይ አሻግራ አማከለችን አየቻትና ቀጠለች።

«ጥጡን አስረክበው ያገኙት ለግብሩ እንኳን አልበቃ አለ፣ ግብር ያልከፈለውንም የጀርመን ወኪል በጅራፍ እየገረፈ መንገድ ያስቆፍረዋል። በዚህ ጊዜ ነው እምቢ ያሉት። አንድ ሰው ተነሣና ውሃ ሰጣቸው፣ ይህን ውሃ የተረጨ ጥይት አይነካውም አላቸው፤ በቋንቋቸው ውሃ ማጂ ነው። ውሃው አንድ አደረጋቸው። ጥጡን ነቃቀሉት። ነገር ግን የያዙት ጦርና ቀስት፣ እፍኝ የማትሞላ አሮጌ ጠመንጃ ነው፣ ጀርመን ግን መትረየስ ነበረው። ውሃውም መትረየሱን አላቆመውም። ጀርመኖቹ በጥይት ብቻ አላበቁም፣ ጎተራውን አቃጠሉ፣ እርሻውን አቃጠሉ፣ በጥይት ካለቀው በረሃብ ያለቀው በለጠ። ረሃብ የያዘው ሰው አይዋጋም። ማጂ ማጂ የተባለው ለዚህ ነው።»

አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ሸዋረገድ መመሪያዋን ገለጠችና ነጥብ በነጥብ ሄደች። የተነሣበት ምክንያት፤ በግዳጅ ጥጥ ማልማት፣ አለ፣ አንድ። የግብር ጫና፣ ቆይ እሱን እመለስበታለሁ አለች። የግዳጅ ሥራና የወኪሎች ጭካኔ፣ አለ፣ አንድ። የከሸፈበት ምክንያት፤ የመሣሪያ አለመመጣጠን፣ አለ፣ አንድ። ሰብል ማቃጠልና ረሃብ፣ አለ፣ አንድ። የተቀናጀ አመራር አለመኖር አለች፤ ወረቀቱን አገላብጣ ፈለገች፤ የለም።

አማከለች አላስቻላትም። «ውሃው አንድ አደረጋቸው ብዬ የለም?»

«ብለሻል» አለች ሸዋረገድ። «አንድ አደረጋቸው ማለት አንድ አመራር ጎደላቸው ማለት አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። በእምነት አንድ ሆኑ፣ በውጊያ ግን እያንዳንዱ በየአገሩ ተዋጋ፣ የሚያዛቸው አንድ ሰው አልነበረም። ያን አልጻፍሽም። እሱ ዜሮ ነው።»

አማከለች አጎንብሳ ወረቀቱን አየች። ልክ ናት ማለት አልፈለገችም፤ ልክ አይደለችም ለማለት ደግሞ የሚያዋጣ ነገር አጣች።

አራት ሆነ። አንዱ በቀይ የነበረ ነው፣ ሦስት ተጨመረ። አማከለች በጣቷ ቀሚሷ ላይ ደመረች፤ ሃምሳ። ወደ መስኮቱ ስታይ ሐሚዳ ከውጪ በኩል ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋለች። ራሷን ነቅንቃ ልትነግራት ስትል ሸዋረገድ ወረቀቱን ወደ ፊተኛው ገጽ መለሰችው። ከራስጌው ጀምሮ እያንዳንዱን በአረንጓዴ መንካት ያዘች። አንደኛው ጥያቄ፣ ሁለተኛው። ሦስተኛው ላይ ብዕሩ ቆመ።

ሦስተኛው ጥያቄ የነጻነት ንቅናቄዎችን ስም ሰጥቶ የታገሉበትን አገር ጻፉ የሚል ነበር። ፍሬሊሞ፣ ሞዛምቢክ፤ ራይት። ማው ማው፣ ኬንያ፤ ራይት። ስዋፖ፣ አንጎላ ብላለች አማከለች። እሱም ላይ ቀይ ራይት አለ።

«ሮበሌ» አለች ሸዋረገድ።

«አውቃለሁ» አለ እሱ። «ሳርም አመለጠኝ። ትናንት ነው ያየሁት።»

አማከለች ወደ እሱ ዞረች። ያ ጣት እዚያ ገጽ ላይ የቆመው፣ ያ ወረቀት ቀስ ተደርጎ የታጠፈው፣ ይተዉት የተባለችው፣ አሁን ሁሉም ገባት። ለራሱ አልነበረም። እሷ ሄዳ ሄዳ ያላትን አንድ ነጥብ በገዛ እጇ እንዳታስወስድ ነው የለመናት። ሊነግራት ደግሞ አልቻለም፤ ቢነግራት በስሕተት የተሰጠሽን ደብቂ ማለት ይሆንበታል። አንገቱን ደፍቶ ጣቶቹን ያፍተለትላል። ምን ዓይነት ልጅ ነው አለች በልቧ።

«ስዋፖ የአንጎላ አይደለም?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ራዲዮው ሁልጊዜ አንጎላ ነው የሚለው።»

«ጦር ሰፈራቸው አንጎላ ስላለ ነው» አለች ሸዋረገድ። «የሚታገሉት ለናሚቢያ ነው። ጥያቄው የታገሉበትን አገር ነው የሚለው።»

አማከለች ትንሽ አሰበች። ለደረቷ የምታለቅስ ሴት ብትሆን ኖሮ አሁን ነበር የምታለቅሰው። ሐሚዳ መስኮቱ ላይ ሆና ምንድነው፣ ምንድነው ትላለች በእጇ።

«የእኔ ካልሆነ ይውጣ» አለች። «ያልጻፍኩትን እንደማልጠይቅ ሁሉ፣ ያላወቅኩትንም አልወስድም።»

ሸዋረገድ ራይቷን በአረንጓዴ ሰረዘች። አርባ ዘጠኝ። ብዕሩን አስቀመጠችና መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። ቀሪውን ገጽ እስከ መጨረሻ አየችው፤ ምንም አልተለወጠም። እንግዲህ የቀረው ግብሩ ነው አለች፤ እመለስበታለሁ ያልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። መመሪያው የግብር ጫና ለሚለው አንድ ነጥብ ይሰጣል፤ ተማሪው ግብርን እንዲያው ስሙን ብቻ ካነሣና የአመፁ ምክንያት መሆኑን ካላሳየ ግን ግማሽ ነው። በግማሽ አርባ ዘጠኝ ተኩል ይሆናል፤ አርባ ዘጠኝ ተኩል ደግሞ አያሳልፍም። ሸዋረገድ ዐረፍተ ነገሩን መልሳ አነበበችው። ግብሩም፣ ጅራፉም፣ የመንገድ ቁፋሮውም አንድ ላይ ነው ያሉት አለች። ጅራፉንና ቁፋሮውን አስቤላታለሁ። ለግብሩ ለብቻው የቀረ ነገር አለ ወይ? ግብሩ ወደ ጅራፉ መሸጋገሪያ ሆኖ ቢሆንስ?

አማከለች አፏን ልትከፍት ነበር። በአባቷ መንደር ግብር ያልከፈለ ሰው እንዴት እንደሚሆን ልትነግራት ፈለገች። ስለ ጭሰኝነት ልትነግራት ፈለገች። ሸዋረገድ ግን አስቀድማ ነግራታለች፤ ወረቀት ላይ የሌለ አይሰማም። ዝም አለች። ወንበሩን ጨብጣ ያዘች።

ሮበሌ ከጥግ ተነሣ።

«ወይዘሮ ሸዋረገድ፣ ቀጥሎ ያለውን ያንብቡት» አለ።

«የቱን?»

«ከግብሩ ቀጥሎ ያለውን አጭሩን።»

ሸዋረገድ መነጽሯን መለሰች። «በዚህ ጊዜ ነው እምቢ ያሉት» ብላ አነበበች።

«ይኸውልዎ» አለ ሮበሌ። «ግብሩን ከጠቀሰች በኋላ በዚህ ጊዜ ነው እምቢ ያሉት ብላለች። ምክንያት መሆኑን ከዚህ በላይ በምን ታሳይ? ሁለት ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ስለገባ አንዱ አይጠፋም። ግብሩ አልበቃ አለ፣ አንድ። ያልከፈለው ተገረፈ፣ ሌላ። ሁለቱንም አስከትላ እምቢ አሉ አለች። እኔ ብሆን… እኔማ አንብቤው ብሆን ኖሮ አንድ እሰጥ ነበር።»

ሸዋረገድ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። ዐረፍተ ነገሩን አንድ ጊዜ በዓይኗ፣ አንድ ጊዜ በብዕሯ ጫፍ ተከተለችው። መመሪያውን አየች። አማከለችን አላየቻትም፤ ሆን ብላ ነው ያላየቻት። ከዚያ ለግብሩ በሚለው ቃል ላይ አረንጓዴ ራይት አደረገች። ከአጠገቡ አንድ ብላ ጻፈች። ወደ ራስጌው ተመልሳ አርባ ሰባቱን ሰርዛ ሃምሳ ጻፈች፣ ፈረመች።

«ስድስተኛን አልፈሻል» አለች። «ሰባተኛ ክፍል ግን ምክር ልስጥሽ። ቁጥር አድርጊ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ይሄ ልጅ ስንት ወረቀት እንደሚያርም ብታዪ ታዝኚለት ነበር።»

«ሰባተኛማ እኮ በእንግሊዝኛ ነው» አለች አማከለች። «በእንግሊዝኛ የምተርከው ምን አለኝና።»

ሸዋረገድ ሳቀች። ሳቅ ያለባት ሴት አትመስልም ነበር።

አማከለች ለመውጣት ተነሣችና ሮበሌ ጋ ስትደርስ ቆመች። ይቅርታ የምትለውን ነገር አታውቅበትም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አፏ ላይ አይመጣም። ቦቲዋ የመምህራኑን ክፍል ወለል በጭቃ እንዳበላሸው ነው ያየችው።

«ያቺ ስዋፖ» አለች። «ዋና ከተማዋ ማነው?»

«ዊንድሁክ» አለ ሮበሌ። «የናሚቢያ።»

«የናሚቢያ» አለች እሷም። «ደግሞ እንዳትረሳ፣ አንተን መጠርጠሬን። እኔም አልረሳውም።»

ልጁ ግራ ገባው። ከዚያ ሲገባው ፈገግ አለ፤ ይቅርታዋ ይኼ መሆኑ ነው።

ሐሚዳ በረንዳው ላይ ከዝናቡ ጋር እየታገለች ቆይታለች። አማከለች ገና ከበሩ ሳትወጣ ስንት ሆነ አለቻት። ሃምሳ አለቻት አማከለች። አልሐምዱሊላህ አለች ሐሚዳ፣ ከዚያ ደግሞ ወዲያው ወደ ጨዋታዋ ተመለሰች፤ ለሃምሳ ነው እንዲህ መከራ ያየሽው፣ እኔ ያለ ምንም ጣጣ ስድሳ ሁለት ብላ ትከሻዋን ነቀነቀች። አማከለች ሳቀች፣ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባት፣ ሐሚዳ ጀርባዋን እየመታች ነው ጭቃውን ያሻገረቻት። በመንገድ ላይ አማከለች አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረችው። ሰዎቹ አንድ ካልሆኑማ ጀርመን ጎተራቸውን ማቃጠል ምን አስፈለገው አለች። ሐሚዳ ኤጭ፣ ነጥቡን ወስደሻል አሁንስ ተይው አለቻት።

ሰኞ ጠዋት ሳሏ እንደተለመደው ብሶ ነበር። ካርዱን ይዛ አስተዳደር ሄደች፤ የዝውውር ማመልከቻ ጻፊ፣ ምክንያትሽን ጥቀሺ አሏት። ወረቀት ሰጧት። ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ጥግ ቆማ ጻፈች። አንድ፣ ሐኪም ስላዘዘ። ሁለት፣ ካርድ ስላለኝ። ሦስት፣ ቦታው ክፍት ስለሆነ። ከዚያ ብዕሩን ልታስቀምጥ አለችና አላስቻላትም። ከሦስቱ በታች ቁጥር ሳታደርግ መጻፍ ቀጠለች፤ ጥጥ የሚያውቀው ያውቀዋል ብላ ጀመረች፣ እስከ ገጹ ግርጌ ወረደች።

አስተዳዳሪው ሦስቱን አንብቦ ሊፈርም ብዕሩን አነሣ። አማከለች ከጠረጴዛው ፊት አልተንቀሳቀሰችም።

«ከታችም አለ» አለችው።

ሰውየው ቀና ብሎ አያት። ከዚያ መለስ ብሎ የቀረውንም አነበበ፣ ፈረመ።